ሞት በየት በኩል ገባ? የሙሾን ሰውኛ ዘይቤ ደረጃ በደረጃ የማንበቢያ መንገድ

የአማርኛ ፈተና ሳርም በየዓመቱ የማገኛት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ገጣሚዋ ተራራውን ሰውኛ በማድረግ ጥልቅ ሐዘኗን ገልጻለች።» ስህተት የለባትም። ግን ስለ የትኛውም ሙሾ ብትጻፍ ያው ናት፤ ተራራው ማን ሆነ፣ ምን ተባለ፣ ሐዘኑስ ምን ዓይነት ሐዘን ነው ለሚለው መልስ የላትም። ሐዘን አንድ ዓይነት አይደለም። ቁጭት አለበት፣ ቁጣ አለበት፣ ራስን መክሰስ አለበት፣ ያልተፈጸመ ተስፋ አለበት። ሙሾ አውራጅ ሞትን ወይም ጋራውን ሰው ስታደርግ ከእነዚህ አንዱን መርጣ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ምርጫ ከስንኙ ውስጥ እንዴት ለቅመን እንደምናወጣ ያሳያል።

የምሠራበት ምሳሌ በሰፈሬ የሰማሁት ሙሾ ነው። የምኖረው ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት፣ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ የረር ተራራ ፊት ለፊት የሚታይበት ሰፈር። አንድ ወጣት ጎረቤታችን ድንጋይ ሲፈልጥ ጋራው ተንዶበት ሞተ። ለእናቱ አንድ ነበር፤ አላገባም ነበር። በሰልስቱ ቀን በእድሩ ድንኳን ውስጥ አንዲት አዛውንት ተነሥተው ይህንን አወረዱ፦

አንቺ ጋራ የረር፣ ድንጋይ የወለድሽ፣
ሺህ ልጅ ሳለሽ አንቺ፣ አንድዬን ወሰድሽ።

እናቱ ሳልድረው፣ ሳላለብሰው ካባ፣
አንቺ አለበስሽው፣ ሙሽራዬ ገባ።

ሞት በደጅ ቢመጣ፣ ቡና ባፈላሁ፣
«ልጄ ሥራ ሄዷል፣ እኔ አለሁ» ባልሁ።

ምሳህን ቋጥሬ፣ ደህና ዋል ያልሁህ ልጅ፣
ጀንበሯ ጠልቃለች፣ ቆሜያለሁ ከደጅ።

ስምንት ስንኝ ናት። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከበቂ በላይ ነች።

አንደኛ፦ ማን ለማን እንደሚናገር በኅዳጉ ላይ ጻፉ

ትርጉም ከመፈለጋችሁ በፊት ግጥሙን በእጃችሁ ገልብጡ፤ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ይህ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፣ ትንፋሹም መሐል ላይ ያርፋል። በዚያች ማረፊያ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚዞረው። «አንቺ አለበስሽው» ብላችሁ ትንፋሽ ስትወስዱና «ሙሽራዬ ገባ» ስትሉ መሐል ያለው ክፍተት ይሰማችኋል።

አሁን በእያንዳንዱ ስንኝ ጎን ተናጋሪውንና ተደማጩን ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች ለየረር የሚነገሩ ናቸው፤ «አንቺ» ሦስት ጊዜ ተጠርታለች። አምስተኛውና ስድስተኛው ስለ ሞት ነው እንጂ ለሞት አይደለም፤ ሞት በሦስተኛ ሰው ነው የሚወራለት። ሰባተኛው «ምሳህን» ይላል፤ ተደማጩ ልጁ ራሱ ሆኗል። እንግዲህ በስምንት ስንኝ ውስጥ ሦስት አካላት አሉ፦ በቁጣ የምትጠራ ጋራ፣ በሩቁ የሚነሣ ሞት፣ በመጨረሻም ሟቹ። ይህን ቅደም ተከተል አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁለት ነገር ያደባልቃሉ። ግዑዙን ወይም የሌለውን እንደሚሰማ ሰው አድርጎ መጥራት እንቶኔ ነው። ግዑዙን የሰው ጠባይና ድርጊት ማልበስ ሰውኛ ነው። «አንቺ ጋራ የረር» እንቶኔ ነው፤ «ድንጋይ የወለድሽ» ሲባል ሰውኛ ተጨመረበት። ሞት ግን እዚህ ሳይጠራ ሰው ሆኗል፤ ልጁ ደግሞ ሰው ስለነበር ሰውኛ ሳይሆን ተጠርቷል። በአንድ ግጥም ውስጥ ሦስቱም መንገድ መኖሩ ልዩነቱን ለማስተማር ይመቻል።

ሁለተኛ፦ የቋንቋውን ልማድ ከገጣሚዋ ምርጫ ለዩ

በአማርኛ ሁሉም ነገር ወይ ወንድ ወይ ሴት ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ጨረቃ ትደምቃለች፣ ዝናቡ ይመጣል። «ሞት ወሰደው» የሚለውም በየቀኑ የምንለው ነው፤ ማንም ሲለው የሚወስድ ሰው አይታየውም። ስለዚህ ግሱ የሰው ግስ መሆኑ ብቻ ሰውኛ ዘይቤ አያደርገውም። ተማሪው ከስምንተኛው ስንኝ «ጀንበሯ ጠልቃለች»ን አውጥቶ «ጀንበርን ሰውኛ አድርጋለች» ቢለኝ ነጥብ አልሰጠውም።

መለያው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ሌላ ሊያደርግ ይችል ነበር ተብሎ ይወቀሳልን? ጀንበር አትወቀስም፤ መሸ ለማለት ነው የመጣችው። የረር ግን ትወቀሳለች። ሺህ ልጅ ሳላት አንዱን መውሰዷ ሳትወስድ መቅረት ትችል እንደነበር ይናገራል። ሞትም በደጅ መምጣት እየቻለ በሌላ በኩል መምጣቱ ነው ጥፋቱ። ምርጫ ያለው፣ ጠባይ ያለው፣ ሊለመን ወይም ሊከሰስ የሚችል ነገር ሲሆን ያኔ ዘይቤው ሕያው ነው።

በዚህ መለያ ስናጣራ የቀሩልን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የረርና ሞት። ከአምስት ደካማ ምሳሌ ሁለት ጠንካራ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ፆታውንና አክብሮቱን ጠይቁ

ይህ የቋንቋችን ጥቅም ነው፤ አማርኛ ማንንም ሳያስቀምጥ አይጠራም። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ፦ ገጣሚው ሞትን ሲጠራ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። «አንተ ሞት» ያለ እኩያውን ወይም ታናሹን ይሳደባል። አንቱ ብሎ የሚለምነው ደግሞ ከሹም ፊት የቆመ ሰው ነው፤ ቁጣው ታፍኗል፣ የቀረው ልመና ነው። የግጥሙ ሐዘን ደፋር ይሁን የተሰበረ ከዚህች ከአንዲት ተውላጠ ስም ይነበባል።

ጋራ በተለምዶ ወንድ ነው፤ «ጋራው ተናደ» እንላለን። አዛውንቷ ግን «አንቺ» አሉ። ልማዱን የተሻገሩበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆም አለብን። ሴት አድርጎ መጥራት በአማርኛ አንዳንዴ ማቆላመጫ ነው፤ ትንሿን ቤት «ቤቷ» እንደምንለው። ይህኛው ግን ማቆላመጫ አለመሆኑን ቀጥሎ የመጣው ግስ ይነግረናል፤ «የወለድሽ» ይላል። ሴት የሆነችው እናት እንድትሆን ነው።

ከሰልስቱ ብዙ ሳምንት በኋላ አዛውንቷን ቡና ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ጋራውን ለምን አንቺ አሉት?» አልኋቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ወንድ ቢሆንማ ምን ያውቃል ብዬ እተወው ነበር። እሷ ወልዳለች፤ እያወቀች ነው ያደረገችው» አሉኝ።

እያወቀች። የዚህ ሙሾ ቁጣ በሙሉ በዚህች ቃል ውስጥ አለ። ጨካኝ ጠላት ቢገድል ጨካኝ ስለሆነ ነው። የመውለድን ምጥ የምታውቅ እናት የሌላዋን እናት ልጅ ስትወስድ ግን ክህደት ነው። ስለዚህ በደረቁ «ቁጣ» ብለን አናልፍም፤ ከሚረዳኝ ሰው የመጣ በደል የሚወልደው ቁጣ ነው እንላለን። የረር የጠፋ እሳተ ገሞራ መሆኗን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ «ድንጋይ የወለድሽ» የሚለው ከእውነታም አይርቅም፤ ድንጋዩን ከሆዷ ነው ያወጣችው።

ለማንኛውም ለንባባችሁ የገጣሚዋ ምስክርነት የግድ አያስፈልግም። እኔም ከመጠየቄ በፊት ከግሱና ከፆታው ወደዚያው ደርሼ ነበር፤ መልሳቸው የጨመረልኝ «እያወቀች» የሚለውን ነው።

አራተኛ፦ የሰውየውን ሥራ ከግሶቹ አውጡ

ሰውኛ የሆነው ነገር «ሰው» ብቻ አይሆንም፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ይሆናል። ሌባ፣ እንግዳ፣ ዳኛ፣ አበዳሪ፣ እረኛ፣ አማች። ቦታውን የሚነግራችሁ ስሙ ሳይሆን ግሱ ነው። ስለዚህ የየረርን ግሶች በሙሉ በአንድ መስመር ጻፏቸው፦ ወለድሽ፣ ወሰድሽ፣ አለበስሽው። እናት፣ ነጣቂ፣ ከዚያስ? ማልበስ የማን ሥራ ነው?

መልሱ ያለው «ካባ» በምትባለው ኅብረ ቃል ውስጥ ነው። ሰሙ ሙሽራው በሠርጉ የሚደርበው፣ ጥለቱ በወርቅ ቀለም ክር የተሠራው ልብስ ነው። ወርቁ የድንጋይ መፍለጫው ቦታ ነው፤ እኛ ሰፈር «ልጁ ካባ ሄደ» ማለት ድንጋይ ሊፈልጥ ሄደ ማለት ነው። እናት ለልጇ አንዱን ካባ ስታስብ ጋራዋ ሌላውን ካባ አለበሰችው፤ ከነድንጋዩ ከላዩ ላይ ደረበችበት። በዚያ ላይ ሬሳን ማልበስ አለ። የሞተን ሰው የሚገንዙት የቅርብ ሰዎቹ ናቸው። ልጁ ከናዳው ሥር ሲወጣ አስቀድማ የሸፈነችው የረር ነበረች። ሙሽራን ማልበስም ሬሳን ማልበስም ከእናቲቱ እጅ ተወስደዋል።

አሁን «ሙሽራዬ ገባ» ወደሚለው ሂዱ። «ሙሽራዬ» ከሠርግ ዘፈን የመጣ ቃል ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ሁሉ በሠርግ ያሉት ቃል ስለሆነ ያኔ ነው ለቅሶው የጨመረው። «ገባ» የት ገባ? ግጥሙ አይናገርም። ሙሽራ ጫጉላ ይገባል፤ ሟች አፈር ይገባል። ቦታው ያልተጠቀሰው ሁለቱም እንዲሰሙ ነው። እንግዲህ የረር በሁለተኛው ጥንድ ስንኝ ውስጥ ሳታስፈቅድ የዳረች፣ የእናትን ቦታ ይዛ ሠርጉን የደገሰች ሴት ሆናለች።

ከዚህ የምናወጣው ሐዘን ከመጀመሪያው ጥንድ የተለየ ነው። እዚያ ላይ ልጇ መወሰዱ ነበር፤ እዚህ ላይ እናትነቷ ነው የተወሰደው። ልታደርግለት የነበረውን ሌላ አደረገችው። ልጁ ዘር ሳይተካ መሞቱም በዚሁ ውስጥ አለ፤ ግን በቀጥታ አልተባለም፣ በሠርጉ ቃል በኩል ነው የገባው። ተማሪው «ወጣቱ ሳያገባ በመሞቱ አዝናለች» ብሎ ቢቆም ግማሹን ብቻ አገኘ ማለት ነው።

ሞትን በዚሁ መንገድ ፈትሹት። የእሱ ግስ አንድ ብቻ ነው፤ «ቢመጣ»። ሥራውን የሚነግረን የእሷ ግስ ነው፦ «ቡና ባፈላሁ»። ቡና የሚፈላው ለእንግዳ ነው። ሞት እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ወግ ያላወቀ እንግዳ፣ በደጅ ያልመጣ።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ለምን ቡና? ውኃ መስጠት ይቻል ነበር፣ ጠላ መቅዳት ይቻል ነበር። ቡና ግን ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። በረካውን ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ነውረኛ ነው። ቡና ጊዜ ነው። እናት ሞትን እግሩን አጥፎ እንዲቀመጥ ታደርገው ነበር፤ ልጇም በዚያ ጊዜ ከካባው ይወጣ ነበር። በሌላ አገር ግጥም ከሞት ጋር የሚታገሉ፣ የሚከራከሩ ይኖራሉ። ይህች ሴት የምታውቀው መሣሪያ ጀበና ነው።

ቀጥሎ «ልጄ ሥራ ሄዷል፣ እኔ አለሁ» ትላለች። «እኔ አለሁ» መጀመሪያ «እኔን ውሰድ» ነው። ነገር ግን «አለሁ» በአማርኛ «በሕይወት ነኝ»ም ነው። ልጁን ቀብሮ ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑን ለያዘ ሰው ይህች ቃል ሌላ ትሆናለች፦ እሱ ሄደ፣ እኔ አለሁ። ልትሰጠው ያቀረበችው ሕይወት አሁን የምታፍርበት ሕይወት ሆነ። «ሥራ ሄዷል» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ይጨክናል። ልጇን ከሞት ለመደበቅ የተናገረችው ቃል ልጇ የሞተበትን ቦታ ይጠቁማል። ሞት በደጅ ያልመጣው እዚያ ስለነበረ ነው።

አምስተኛ፦ ማን እንዳልተጠራ ጠይቁ

ሰውኛ ዘይቤ ለሐዘን አድራሻ ይሰጠዋል። ያኔ «ይህ ሁሉ ወደ ጋራው የተላከው ወደ ማን እንዳይላክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያወረደው ሙሾ፣ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1። ዳዊት የጊልቦዓን ተራሮች ይጠራና ዝናብና ጠል እንዳይወርድባቸው ይረግማቸዋል። ተራሮቹ ምን አደረጉ? ኃያላኑ የወደቁት በእነሱ ላይ ስለሆነ ነው። ልብ በሉ፤ ዳዊት ሳኦልን ገደልሁ ብሎ የመጣውን አማሌቃዊ ከዚያ በፊት አስገድሎታል። የሚቀጣ ሰው ተቀጥቷል፤ ሐዘኑ ግን አላለቀም፣ ስለዚህ ወደ ተራራ ሄደ። በሌላ በኩል ሳኦል ዳዊትን ለዓመታት ያሳደደው ሰው ነው። በሙሾው ውስጥ ስለዚያ አንዲት ቃል የለችም። እርግማኑን ተራሮቹ ስለተሸከሙለት ለሳኦል የቀረለት ምስጋና ብቻ ነው።

ወደ ሙሾአችን ስንመለስ በሰልስቱ ድንኳን ያልተጠሩ ቢያንስ ሁለት አሉ። አንዱ እግዚአብሔር ነው። ካህናቱ ተቀምጠዋል፤ ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሱ ብለው አስተምረዋል። «ለምን ወሰድህ» ማለት በዚያ ቦታ የማይባል ነው። «ለምን ወሰድሽ» ግን ይባላል፤ የአንዲት ፊደል ለውጥ ናት፣ ተከሳሹ ግን ሌላ ሆነ። ሁለተኛው ልጁን ወደዚያ ካባ የላከው ችግር ነው፤ ያ ገንዘብ ቤት ይገባ ነበር፣ እናትም በልታዋለች። ምሳውን የቋጠረችው እሷ ናት።

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም ነው፤ አንዴ መቆፈር ከተጀመረ ማቆሚያ ይጠፋልና። ለምሳሌ «አንድዬ» በአማርኛ የእግዚአብሔር መጠሪያም ነው። አንድ ተማሪዬ «አንድዬን ወሰድሽ» የሚለውን «እምነቴን ወሰድሽብኝ» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ብልህ ነው፤ ግን አልተቀበልሁትም። ኅብረ ቃል የምንለው ሁለተኛው ፍቺ በግጥሙ ውስጥ ሌላ ምስክር ሲኖረው ነው። ካባ ምስክር አለው፤ «ማልበስ»፣ «ሙሽራ»፣ «ድንጋይ»፣ «ሥራ ሄዷል» ሁሉም ይመሰክሩለታል። እምነት ስለማጣት ግን ሌላ ምንም ስንኝ የለም። ቢያንስ ሁለት ቃል ካልመሰከረላችሁ ትርጉሙን ተዉት። በምሳ መቋጠሩ ላይ ያልሁትንም በዚሁ መዝኑት፦ «ሥራ ሄዷል» እና «ምሳህን ቋጥሬ» የሚሉት አብረው ስለቆሙ እንጂ ከራሴ አምጥቼው አይደለም።

ሌላው ወሰን የሐዘኑ ባለቤት ነው። ይህን ሙሾ ያወረዱት አዛውንት እናቲቱ አይደሉም። እናቲቱ በዚያ ሰዓት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። «እናቱ ሳልድረው» ያለችው የግጥሙ ተናጋሪ ናት፤ ሙሾ አውራጅ በሐዘንተኛዋ አፍ ገብታ ትናገራለች። ስለዚህ «እናቲቱ ራሷን ትከሳለች» ብለን አንጽፍም፤ «ተናጋሪዋ ራሷን ትከሳለች» እንላለን። በጎረቤቴ ልብ ውስጥ ያለውን እኔ አላውቅም።

ስድስተኛ፦ ዘይቤው የሚቋረጥበትን ቦታ ፈልጉ

ከሁሉ የምወደው ደረጃ ይህ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ግን ብዙ አይነሣም። ሰውኛው የት ይጀምራል ብለን እንጠይቃለን፣ የት ያበቃል ብለን ግን አንጠይቅም። ዳዊት ተራሮቹን ይረግማል፣ ቀጥሎ ስለ ዮናታን ቀስትና ስለ ሳኦል ሰይፍ ይናገራል፣ የእስራኤልን ሴቶች ልጆች አልቅሱ ይላል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው «ወንድሜ ዮናታን ሆይ» የሚለው። ያኔ ተራሮቹ ጠፍተዋል። ወደ ወዳጁ ለመድረስ ያን ሁሉ መንገድ ዞሯል።

የእኛ ሙሾም እንዲሁ ይጓዛል። መጀመሪያ ጋራዋ፣ ከዚያ ሞት፣ ከዚያ ልጁ። በመጨረሻው ጥንድ ውስጥ ሰው የሆነ ግዑዝ የለም። ያለው ምሳ፣ ጀንበርና ደጅ ነው። ቃሉም የየቀኑ ቃል ነው፤ «ደህና ዋል» እናት ለልጇ ጠዋት ጠዋት የምትለው። በጋራዋ ላይ የነበረው ቁጣ፣ በሞት ላይ የነበረው ድርድር አልቆ ሰው በር ላይ ቆሞ ቀረ። ዘይቤው የሐዘኑ ማቆያ ነበር፤ ሲወልቅ ከሥሩ የተገኘው መጠበቅ ነው። አሁንም የምትጠብቅ ሴት መሞቱን ገና አልተቀበለችም። ለጋራዋ «ወሰድሽ» ስትል ያመነችውን ለልጇ ስትናገር አላመነችውም።

«ደጅ» የሚለውን ቃልም አክብቡት። በአምስተኛው ስንኝ ሞት ያልመጣበት ነው፤ በስምንተኛው እሷ የቆመችበት ነው። ሞት ሊመጣበት በሚገባው በር ላይ ዘግይታ ዘብ ቆማለች።

ሰባተኛ፦ ጻፉት

አሁን መልሱን በአንድ አንቀጽ ማዋቀር ነው። ግዑዙ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቃል እንደሆነ፣ ያ ሰው መሆኑ ምን ዓይነት ሐዘን እንዳወጣ፣ በመጨረሻ ዘይቤው ሲቋረጥ ምን እንደቀረ ይግባበት። «ጥልቅ»፣ «መሪር»፣ «ልብ የሚነካ» የሚሉ ቃላትን አትጠቀሙ፤ ስንት እንደሆነ ይናገራሉ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገሩም። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በዚህ ሙሾ የረር ተራራ በ‹ወለድሽ› እናት፣ በ‹አለበስሽው› ደግሞ የእናትን ቦታ ቀምታ ልጁን የዳረች ሴት ሆናለች። ካባ የሚለው ኅብረ ቃል የሠርጉን ልብስና የድንጋይ መፍለጫውን ስለሚያገናኝ ተናጋሪዋ ያዘነችው ልጇን በማጣቷ ብቻ ሳይሆን ለልጇ ልታደርግ የነበረውን ሌላ ስላደረገባትም ነው። ሞት በደጅ ያልመጣ እንግዳ ሆኖ ሲነሣ ቁጣው ወደ ድርድር ይለወጣል፤ ‹እኔ አለሁ› የሚለው ቃልም ራስን አሳልፎ መስጠትንና በሕይወት በመቅረት ማፈርን አንድ ላይ ይይዛል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ሰውኛው ይቋረጣል፤ ተናጋሪዋ ልጇን በቀጥታ ስትጠራ መሞቱን እንዳልተቀበለች ይታያል።»

ይህን በጽሑፍ ስሰጣቸው አንዲት ተማሪ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ እኔ በስንት ንባብ ያላየሁትን። ሁለት ግሶችን በቀስት አያይዛ ነበር፤ የአራተኛውን ስንኝ «ገባ» እና የስምንተኛውን «ቆሜያለሁ ከደጅ»። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «እናትየው ‹ግባ› ብላ ያልጠራችው ለምን እንደሆነ አሰብሁ። ልጇ ገብቷል። ደጅ የቀረችው እሷ ናት።»